ያዘመመ ማኖሜትር ከብዙ ፈሳሾች ጋር፦ የግፊት ልዩነትን ዓምድ በዓምድ ማንበብ

የፈሳሾች ሜካኒክስ ፈተና ላይ ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ሁለት ቧንቧዎች ይሰጣሉ፤ በመካከላቸው የተጣመመ የመስታወት ቱቦ ይዘረጋል፤ በቱቦው ውስጥ ውሃ፣ ሜርኩሪና ዘይት ተከታትለው ይገባሉ፤ አንደኛው የቱቦ ክንድ ደግሞ ቀጥ ብሎ በመቆም ፈንታ ያዘምማል። ከዚያ በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ስንት እንደሆነ ይጠየቃል።

እዚህ ጥያቄ ውስጥ ከማባዛትና ከመደመር ያለፈ ሂሳብ የለም። ተማሪው የሚደናገረው ሁሉንም ፈሳሽ በአንድ እይታ ጠቅልሎ ቀመር ለማውጣት ስለሚሞክር ነው። ከአንዱ ቧንቧ ተነስቶ በቱቦው ውስጥ እየተጓዘ እስከ ሌላው ቧንቧ ድረስ አንድ በአንድ ቢቆጥር ግን ጥያቄው ራሱን ይፈታል። በዚህ ጽሑፍ አንድ ምሳሌ ይዘን ያንን ጉዞ እስከ መጨረሻው እንሄዳለን፤ ቀጥሎም ቱቦው ለምን እንዲያዘምም እንደሚደረግና መሣሪያው መቼ እንደሚያሳስት እናያለን።

## የምንይዛቸው ሁለት ደንቦች

የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፦ በቆመ ፈሳሽ ውስጥ ስንወርድ ግፊት ይጨምራል፣ ስንወጣ ይቀንሳል። የለውጡ መጠን የፈሳሹ እፍጋት፣ የስበት መጠንና ቁመቱ ሲባዙ የሚገኘው ነው።

Δp = ρ × g × h

እፍጋቱን ρ በኪሎ ግራም በሜትር ኩብ፣ ስበቱን g 9.81፣ ቁመቱን h በሜትር ካስገባን መልሱ በፓስካል ይወጣል። h የሚባለው ሁልጊዜ ሽቅብ ወይም ቁልቁል የተለካ ቁመት ነው። ወደ ጎን የተጓዝነው ርቀት፣ ምንም ያህል ቢረዝም፣ ግፊቱን አይነካውም።

ሁለተኛው ደንብ ከመጀመሪያው የሚከተል ነው፦ በአንድ ዓይነት፣ ባልተቋረጠና በቆመ ፈሳሽ ውስጥ እኩል ከፍታ ላይ ያሉ ነጥቦች ሁሉ እኩል ግፊት አላቸው። ግንበኞች የሁለት ግድግዳዎችን ከፍታ የሚያመሳክሩበትን በውሃ የተሞላ ግልጽ ጎማ አስቡ። ጎማው መሐል ላይ ቢጠማዘዝም መሬት ላይ ቢጎተትም፣ ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት እስከሆኑ ድረስ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ከፍታ ላይ ይረጋል። ይህ የሚሠራው ግን ጎማው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ብቻ ሲኖር ነው። በአንደኛው ጫፍ ዘይት ቢጨመርበት የሁለቱ ጫፎች ከፍታ እኩል መሆኑ ይቀራል። በማኖሜትር ጥያቄዎች ላይ ብዙ ስህተት የሚመጣው ደንቡን ይዞ «በአንድ ዓይነት፣ ባልተቋረጠ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ በመጣል ነው።

## ቱቦው ሲያዘምም ምን ይለወጣል?

ያዘመመ ቱቦ ላይ የተለጠፈው ማስመሪያ የሚነግረን በቱቦው ላይ ያለውን ርዝመት ነው። ርዝመቱን L፣ ቱቦው ከአግድም መስመር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን θ ብንለው ቁመቱ ይህ ነው፦

h = L × sin θ

ምክንያቱን ከሥሩ ማየት ይጠቅማል። በቱቦው ውስጥ ያለው የፈሳሽ ዓምድ ክብደት ቀጥታ ወደ ታች ይጎትታል። ቱቦው ሲያዘምም ከዚያ ክብደት ከፊሉ በታችኛው የቱቦ ግድግዳ ላይ ያርፍና ግድግዳው ይሸከመዋል። በቱቦው አቅጣጫ ወደ ታች የሚገፋው የክብደቱ ክፍል በ sin θ የተባዛው ብቻ ነው። ዓምዱ ከግርጌው ባለው ፈሳሽ ላይ የሚያሳድረው ግፊትም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ 40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ዓምድ በ30 ዲግሪ ቢያዘምም ግፊቱ ቀጥ ብሎ የቆመ የ20 ሴንቲ ሜትር ዓምድ ግፊት ነው።

ማዕዘኑ ከየት እንደተለካ ማየት ግዴታ ነው። ጥያቄው ማዕዘኑን ከአግድም መስመር በመለካት ፈንታ ከቋሚው መስመር ለክቶ ከሰጠ የምንጠቀመው ኮሳይንን ነው። ያው 40 ሴንቲ ሜትር ከቋሚ መስመር 30 ዲግሪ ቢያዘምም ቁመቱ 34.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ግራ ከገባችሁ ሥዕሉን ተመልከቱ፦ ቱቦው ሊተኛ የተቃረበ ከሆነ ቁመቱ ከርዝመቱ በጣም ማነስ አለበት።

## ምሳሌው

ወረቀት አውጡና እያነበባችሁ ሣሉ። በግራ በኩል ውሃ የያዘ ቧንቧ አለ፤ «ሀ» እንበለው። ከቧንቧው መሐል ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ቱቦ በውሃ ተሞልቶ 60 ሴንቲ ሜትር ከወረደ በኋላ ውሃው ሜርኩሪ ላይ ያርፋል። ይህን የውሃና የሜርኩሪ መገናኛ ነጥብ 1 እንበለው።

ሜርኩሪው ከነጥብ 1 ወደ ታች ወርዶ፣ በታችኛው መታጠፊያ ዞሮ፣ በ30 ዲግሪ ወዳዘመመው ቀኝ ክንድ ይወጣል። በዚህ ክንድ ላይ ከነጥብ 1 ጋር እኩል ከፍታ ያለውን ቦታ ነጥብ 2 እንበለው። ሜርኩሪው ከነጥብ 2 ተነስቶ በቱቦው ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ሄዶ ያበቃል፤ እዚያ ነጥብ 3 ላይ ዘይት ይጀምራል። ዘይቱ በዚያው ባዘመመው ቱቦ 50 ሴንቲ ሜትር ሄዶ ዘይት ከሚያስተላልፈው የቧንቧ «ለ» መሐል ይደርሳል።

የውሃው እፍጋት 1000፣ የሜርኩሪው 13600፣ የዘይቱ 850 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ነው። የሚፈለገው pሀ − pለ ነው።

ቁጥር ከመነካቱ በፊት ርዝመቶቹን ወደ ቁመት እንለውጥ። የውሃው ቱቦ ቀጥ ያለ ስለሆነ 0.60 ሜትር እንዳለ ይቆያል። የሜርኩሪው 0.40 ሜትር በ 0.5 ተባዝቶ 0.20 ሜትር ይሆናል። የዘይቱ 0.50 ሜትር ደግሞ 0.25 ሜትር ይሆናል። እነዚህን ሦስት ቁመቶች ሥዕሉ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ ከዚህ በኋላ የቱቦውን ርዝመት አንፈልገውም።

## ከሀ ተነስተን ወደ ለ

መነሻችን pሀ ነው። በውሃው ውስጥ 0.60 ሜትር እንወርዳለን፤ ስንወርድ እንደምራለን።

1000 × 9.81 × 0.60 = 5886 ፓስካል

አሁን ነጥብ 1 ላይ ነን፤ ግፊቱ pሀ + 5886 ነው።

ከነጥብ 1 ወደ ነጥብ 2 በሜርኩሪው ውስጥ ወርደን፣ ዞረን፣ እንወጣለን። የወረድነውን ያህል ስለወጣን ምንም አይደመርም፣ ምንም አይቀነስም። መታጠፊያው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ጥያቄው ያልነገረን ለዚህ ነው፤ አያስፈልግም። የነጥብ 2 ግፊትም pሀ + 5886 ነው።

ከነጥብ 2 ወደ ነጥብ 3 በሜርኩሪው ውስጥ 0.20 ሜትር እንወጣለን፤ ስንወጣ እንቀንሳለን።

13600 × 9.81 × 0.20 = 26683 ፓስካል

ከነጥብ 3 ወደ ለ በዘይቱ ውስጥ 0.25 ሜትር እንወጣለን፤ አሁንም እንቀንሳለን።

850 × 9.81 × 0.25 = 2085 ፓስካል

ለ ላይ ደርሰናል። ጉዞውን በአንድ መስመር ብንጽፈው፦

pሀ + 5886 − 26683 − 2085 = pለ

pሀ − pለ = 22882 ፓስካል፣ ማለትም ወደ 22.9 ኪሎ ፓስካል

ልብ በሉ፤ ፈሳሹ በተቀየረ ቁጥር አዲስ መስመር ጀምረናል። በሁለት ፈሳሾች መገናኛ ላይ ግፊቱ አይዘልም፤ ውሃው በታችኛው ጫፉ ያለው ግፊት የሜርኩሪው የላይኛው ጫፍ ግፊት ነው። የሚለወጠው ከዚያ ወዲያ ግፊቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ነው። የፈሳሾቹ ቁጥር ሦስትም ሆነ ሰባት ሥራው አንድ ነው፦ በየመገናኛው ቆሞ ያሉበትን ግፊት መጻፍ።

## መልሱ ያስኬዳል?

መጀመሪያ ምልክቱን እንይ። ሜርኩሪው በለ በኩል ከፍ ብሎ ቆሟል። እንዲህ ከባድ ፈሳሽን ወደ ቀኝ ገፍቶ ያቆመው ከግራ የመጣ የበለጠ ግፊት መሆን አለበት። መልሳችንም pሀ ከ pለ እንደሚበልጥ ይናገራል፤ ስለዚህ ይስማማሉ።

ቀጥሎ መጠኑን እንይ። 20 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ ብቻውን 26.7 ኪሎ ፓስካል ነው። ውሃውና ዘይቱ ይህን ቁጥር ትንሽ ወዲህና ወዲያ ያደርጉታል እንጂ አይገለብጡትም። ከ26.7 ተነስተን 22.9 ላይ መድረሳችን ያስኬዳል። የቱቦውን ርዝመት በቁመት ፈንታ ያስገባ ተማሪ ግን ሜርኩሪውን 53366፣ ዘይቱን 4169 አድርጎ 51.6 ኪሎ ፓስካል ያገኛል። ይህ ከእውነተኛው መልስ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር ሜርኩሪ ጋር ቢያስተያየው ኖሮ ስህተቱን ራሱ ይይዘው ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ የሚደበቅ ነው። አንዳንዱ ተማሪ ከነጥብ 1 በላይ የሆነ ቦታ ላይ አግድም መስመር ይስልና «እኩል ከፍታ ስለሆኑ ግፊታቸው እኩል ነው» ይላል። ከነጥብ 1 እና 2 በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ እንፈትነው። በግራ በኩል በውሃ ውስጥ ስለወጣን ግፊቱ በ981 ፓስካል ብቻ ቀንሷል። በቀኝ በኩል ግን በሜርኩሪ ውስጥ ስለወጣን 13342 ፓስካል ቀንሷል። ከፍታቸው እኩል በሆኑ ሁለት ነጥቦች መካከል ከ12 ኪሎ ፓስካል በላይ ልዩነት አለ። የእኩል ከፍታ መስመር የሚሳለው በግራም በቀኝም ያው ፈሳሽ ባለበት፣ ፈሳሹም በታች በኩል በተያያዘበት ቦታ ብቻ ነው። በእኛ ምሳሌ ከዚህ ዓይነት መስመሮች ከፍተኛው ነጥብ 1 እና 2 ላይ ያለው ነው።

## ቱቦው የሚያዘምመው ለምንድን ነው?

ማዝመሙ ግፊቱን አይለውጥም፤ ንባቡን ያረዝማል። ትንሽ የግፊት ለውጥ ፈሳሹን በማስመሪያው ላይ ረጅም መንገድ እንዲሄድ ስለሚያደርግ በዓይን ለማንበብ ይቀላል። ምን ያህል እንደሚያረዝም ግን በሌላኛው ክንድ ላይ የተመሠረተ ነው።

የእኛን ምሳሌ እንውሰድና በሀ ውስጥ ያለው ግፊት በ1 ኪሎ ፓስካል ጨመረ እንበል። በቀኝ ክንድ ሜርኩሪው በቱቦው ላይ d ያህል ይገፋል። ሁለቱም ክንዶች እኩል ውፍረት ካላቸው ከግራ የጎደለው ሜርኩሪ ወደ ቀኝ የገባው ነውና የግራው መገናኛም d ያህል ይወርዳል። እንግዲህ ሦስቱም ዓምዶች ተለውጠዋል፦ ውሃው በ d ረዝሟል፣ የሜርኩሪው የቁመት ልዩነት በ 1.5d ጨምሯል (d ከግራ፣ 0.5d ከቀኝ)፣ ዘይቱ በ 0.5d አጥሯል። ጉዞውን በእነዚህ ለውጦች ብቻ ብንደግመው፦

1000 = 133416 × 1.5d − 9810 × d − 8338.5 × 0.5d

d = 0.0054 ሜትር

ማለትም 5.4 ሚሊ ሜትር። ቀኙ ክንድ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ 4.0 ሚሊ ሜትር ይሆን ነበር። ቱቦውን በ30 ዲግሪ ስናዘምም ንባቡ በእጥፍ ያድጋል ብሎ የጠበቀ ሰው ያገኘው አንድ ሦስተኛ ጭማሪ ብቻ ነው። የለውጡ ትልቁ ድርሻ በግራው ቀጥ ያለ ክንድ ላይ እየባከነ ስለሆነ ነው፤ ማስመሪያው ያለው ደግሞ በቀኝ ነው።

አሁን ነጥብ 1 ያለበትን የግራ ክንድ ወደ ሰፊ ገንዳ እንለውጠው። ወደ ቀጭኑ ቱቦ የሄደው ሜርኩሪ በገንዳው ሰፊ ገጽ ላይ ሲከፋፈል የገንዳው ከፍታ የማይቆጠር ያህል ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ የግራውን ለውጥ ብንተወው፦

1000 = 133416 × 0.5d − 8338.5 × 0.5d

d = 0.016 ሜትር

16 ሚሊ ሜትር። ቱቦው ቀጥ ቢል 8 ሚሊ ሜትር ነበርና ማዝመሙ አሁን በእርግጥ ንባቡን በእጥፍ አሳደገው። ያዘመመ ማኖሜትር በሥራ ላይ በአንድ ወገኑ ሰፊ ገንዳ ይዞ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ገንዳው ፈጽሞ አይወርድም ማለት ግን አይደለም። የገንዳው ዲያሜትር የቱቦውን አሥር እጥፍ ቢሆን የገጹ ስፋት መቶ እጥፍ ነው፤ ፈሳሹ ቱቦው ላይ በ d ሲወጣ ገንዳው ውስጥ በ 0.01d ይወርዳል። በ30 ዲግሪ ይህ ከ 0.5 ጋር ሲነጻጸር 2 በመቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ቱቦው ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ተኝቶ sin θ 0.1 ሲሆን ግን ያው 0.01 የንባቡን 10 በመቶ ያህላል። ያኔ h = L × (sin θ + 0.01) ብሎ ማስላት ግድ ይሆናል።

## መሣሪያው ፊት ስትቆሙ

ያዘመመ ቱቦ ስሜቱ ስል በሆነ መጠን ለአቀማመጥ ስህተትም ስል ነው። ቱቦው 30 ዲግሪ ነው ብለን 31 ዲግሪ ላይ ቢሆን ስህተቱ 3 በመቶ ነው። sin θ 0.1 በሆነበት ቱቦ ላይ ግን የ1 ዲግሪ ስህተት ንባቡን ከ17 በመቶ በላይ ያበላሸዋል። ስለዚህ ከመለካታችሁ በፊት የመሣሪያውን መሠረት በውሃ ልክ አስተካክሉ። ሁለቱን ጫፎች እኩል ግፊት ላይ አድርጋችሁ ፈሳሹ የሚቆምበትን ቦታም መዝግቡ፤ ንባባችሁ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ሌላው ጠንቅ ከቧንቧው ወደ ማኖሜትሩ በሚወስደው ቱቦ ውስጥ የሚቀር አየር ነው። ስሌታችን ግራው ክንድ 60 ሴንቲ ሜትር ሙሉ ውሃ ነው ብሎ ያምናል። ቱቦውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የዘጋ 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የአየር አረፋ ካለ፣ ያ 5 ሴንቲ ሜትር ከውሃነት ወደ ባዶነት የተጠጋ ነው፤ ወደ 490 ፓስካል ከስሌቱ ይጎድላል። አረፋው ሜርኩሪው ላይ ስለማይታይ ንባቡን የሚያይ ሰው አይጠረጥርም። ምልክቱ ይህ ነው፦ አየር የሚተነፈስበትን ቀዳዳ ከፍታችሁ ቱቦውን ካጠባችሁ በኋላ፣ ቧንቧው ውስጥ ምንም ሳይለወጥ፣ ንባቡ ቦታውን ይቀይራል። ያኔ የቀድሞውን ንባብ ጥላችሁ አዲሱን ያዙ።

## አንዱ ጫፍ ለአየር ክፍት ከሆነ

ለ ቧንቧ ባይሆንና ቱቦው ለአየር ክፍት ቢሆን ጉዞው ያው ነው፤ መጨረሻ ላይ የምንደርሰው የከባቢ አየር ግፊት ላይ ይሆናል። የሀ ግፊት ከከባቢ አየር በስንት ይበልጣል ከተባለ የአየሩን ግፊት ዜሮ አድርጎ መጨረስ ይቻላል። ፍጹም ግፊቱ ከተጠየቀ ግን የአካባቢው የአየር ግፊት መደመር አለበት። ብዙ መጻሕፍት የሚሰጡት 101.3 ኪሎ ፓስካል የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ወደ 77 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል። እዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለክቶ 101.3 የደመረ ተማሪ መልሱ በ24 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይበዛበታል፤ ይህ ደግሞ በምሳሌያችን ካገኘነው ሙሉ ልዩነት ይበልጣል።

## መለማመጃ

የምሳሌያችን ማኖሜትር በቀኝ ክንድ ላይ ያለው የሜርኩሪ ጫፍ በቱቦው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ሄደ። አዲሱ pሀ − pለ ስንት ነው? መልሱን ከማየታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ሥሩት፦ አንዴ ግራው ክንድ ከቀኙ ጋር እኩል ውፍረት ያለው ቱቦ ነው ብላችሁ፣ አንዴ ሰፊ ገንዳ ነው ብላችሁ።

በእኩል ቱቦ ውሃው 0.65፣ የሜርኩሪው ልዩነት 0.275፣ ዘይቱ 0.225 ሜትር ይሆናሉ፤ መልሱ 32.2 ኪሎ ፓስካል ነው። በገንዳ ውሃው 0.60 እንዳለ ይቀራል፣ ሜርኩሪው 0.225፣ ዘይቱ 0.225 ሜትር ይሆናሉ፤ መልሱ 26.0 ኪሎ ፓስካል ነው። ማስመሪያው ላይ የታየው 5 ሴንቲ ሜትር በሁለቱም አንድ ነው፤ ግፊቱ ግን በ6 ኪሎ ፓስካል ይለያያል። እንግዲህ ያዘመመ ቱቦ ያለበት ጥያቄ ሲሰጣችሁ፣ ማስመሪያውን ከማንበባችሁ በፊት በሌላኛው ክንድ ፈሳሹ ምን ያህል እንደወረደ ጠይቁ።